የሐሙስ ንጋት ጥፋት የማን ነው? የጥናት ደብተሬ ከጥቅምት እስከ ጥር

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2011፣ ደብረ ማርቆስ

ባለፈው ዓመት በርቀት ትምህርት ከያዝኳቸው ኮርሶች ሁለቱን አለፍኩ፤ በኮስት አካውንቲንግ ወደቅሁ። የድጋሚ ፈተናው ጥር 4፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስወድቅ ለጠየቀኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ «ጊዜ አጣሁ» የሚል ነበር። ዛሬ ረጋ ብዬ ሳስበው ጊዜስ አላጣሁም፤ ሞጁሉን ከፍቼ ያልተቀመጥኩበት ሳምንት የለም። የተቀመጥኩበት ሰዓት የት እንደገባ ነው የማላውቀው። በመሥሪያ ቤት የመንግሥትን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ የምመዘግብ ሰው የራሴን ሰዓት ያለ ደረሰኝ ሳወጣ ኖሬአለሁ።

ስለዚህ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ ከፋፈልኩት። ቀን፣ የጀመርኩበትና ያቆምኩበት ሰዓት፣ ያጠናሁት ገጽ፣ ጉልበቴ ከ1 እስከ 10፣ በመጨረሻም ያቋረጠኝ ነገር። በቀን ሦስት ጊዜ ልቀመጥ አስቤአለሁ። ንጋት ላይ ከ10:30 እስከ 12:00፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ከ6:45 እስከ 7:20፣ ማታ ደግሞ ከ1:30 እስከ 3:00። እሑድ ንጋት ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ ባዶ ነው።

ባለቤቴ ደብተሩን አገላብጣ አየችና «ይህንን ስትሞላ የምታጠፋውን ሰዓትስ የት ነው የምትጽፈው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የጉልበት መለኪያው ሞቷል። ከሰኞ ማታ ጀምሮ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ሳያቸው 7፣ 6፣ 7፣ 7፣ 6፣ 6፣ 7 ይላሉ። በ6 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ራሴን ብጠይቅ መልስ የለኝም። ልከኛ መስሎ ለመታየት የምሰጠው ነጥብ ነው፤ ሰው «እንዴት ነህ» ሲለኝ «ደኅና» እንደምለው።

ዛሬ ሦስት ደረጃ ብቻ አደረግሁት፤ ለእያንዳንዱም በዓይን የሚታይ ምልክት ሰጠሁት። አንድ ገጽ አንብቤ፣ ሞጁሉን ዘግቼ፣ ሐሳቡን በራሴ ቃል በሁለት በሦስት መስመር መጻፍ ከቻልኩ 3 ነው። ለዚያው ሁለት ጊዜ ማንበብ ካስፈለገኝ 2 ነው። ዓይኔ መስመሩን ተከትሎ ታች ደርሶ፣ ከላይ የነበረው ምን እንደሆነ ከጠፋኝ 1 ነው። ስሜቴን አልጠየቅሁም፤ ወረቀቱን ነው የጠየቅሁት። ንጋት ላይ «ደክሞኛል» እያልኩ ፈትኜው 3 የወጣበት ጊዜ አለ፤ የተገላቢጦሹም አለ። የአምናው እኔ በተገላቢጦሹ ቀን ነው «ዛሬ በደንብ አጠናሁ» ብሎ የሚተኛው።

ያለፉትን ሦስት ቀናት ቁጥሮች ሰረዝኳቸው። ቆጠራው ከነገ ዓርብ ይጀምራል።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ትናንት ቀኑን ሙሉ ሳልጽፍ ቆይቼ ማታ ላይ በአንድ ጊዜ ልሞላው ተቀመጥኩ። ንጋት ላይ ተኝቼ ቀርቻለሁ፤ በዚያ ላይ ማታ ከመሥሪያ ቤት ሰው ጋር በስልክ ተነታርኬ ነበር። የቀትሩን ክፍለ ጊዜ 1 ብዬ ጻፍኩ። ኋላ ላይ የመልመጃ ወረቀቴን ሳገኘው ግን ከስድስት ጥያቄ አምስቱን በትክክል ሠርቼ ነበር። የማታው ንዴት ወደ ኋላ ተመልሶ ቀትሩን አጠቆረው ማለት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ቁጥሩ የሚጻፈው እስክሪብቶውን ሳላስቀምጥ ነው። ማታ የሚጻፍ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

የመጀመሪያ ቆጠራ። ከዓርብ ጥቅምት 9 ወዲህ የጻፍኳቸው የንጋት መስመሮች ሰባት ናቸው፤ አምስቱ 3 ናቸው። የማታዎቹ ከዚህ ያንሳሉ፤ የቀትሮቹ ደግሞ በእጅጉ ያንሳሉ። «የንጋት ሰው ነኝ» ብዬ ለባለቤቴ ላበስር ተነሣሁ።

ወዲያው አንድ ነገር ከነከነኝ። ከጥቅምት 9 እስከ ዛሬ ከእሑድ በቀር ዘጠኝ ንጋት አለ፤ የጻፍኩት ግን ሰባቱን ነው። ሁለቱ የት ገቡ? ማንቂያው ሁለቱንም ቀን ጮኋል፤ አጥፍቼው ተኝቻለሁ። ያልተቀመጥኩበት ክፍለ ጊዜ ስለሌለ መስመርም የለውም። እንግዲህ ንጋቱ መልካም ሆኖ የታየው ክፉ ንጋቶቹ ደብተሩ ውስጥ ስላልገቡ ነው። በሂሳብ ሥራ ይህንን የሚያደርግ ሰው ቢገጥመኝ፣ ወጪውን ደብቆ ገቢውን ብቻ አሳየኝ ብዬ እከስሰው ነበር። ማታ ላይ ግን ቢደክመኝም ስለምቀመጥ ክፉውም ደጉም ይጻፋል፤ ማታው የተበደለው በዚህ ነው።

ሁለቱን ቀናት ፈልጌ ሞላኋቸው፤ ጥቅምት 10 እና ጥቅምት 17። በቁጥሩ ቦታ ባዶ ክብ አደረግሁ። ከእንግዲህ የታቀደ ሁሉ መስመር አለው፣ ቢቀርም።

ሁለቱም ቅዳሜ መሆናቸውን ያየሁት ክቡን ካደረግሁ በኋላ ነው። የሳምንቱ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ ንጋት 1። ገጽ 61ን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ወርዶ ሄደ።

ስለተናደድኩ ተቀምጬ የሃያ አንዱን ቀን ንጋቶች በሳምንቱ ቀናት ደረደርኳቸው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንድ ላይ አሥራ ሁለት ንጋት ናቸው፤ ሰባቱ 3፣ አራቱ 2፣ አንዱ ባዶ ክብ። ሐሙስና ቅዳሜ ስድስት ንጋት ናቸው፤ አንድም 3 የላቸውም። ሁለት 2፣ ሁለት 1፣ ሁለት ባዶ ክብ።

(የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋለኞቹ ይሻላሉ። ደብተሩ አዲስ ስለነበር የተጋሁት ትጋት ይመስለኛል። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ብዙም አላምነውም።)

ሐሙስና ቅዳሜ ምን አላቸው? ቢሮ ውስጥ ሐሙስ የተለየ ሥራ የለኝም። ቅዳሜ ደግሞ ጭራሽ ሥራ የለም፤ ማረፊያዬ ነው። እነዚህን ሁለት ቀናት የሚያገናኛቸው ነገር አልታይ አለኝ። ጾም ነው እንዳልል የምጾመው ረቡዕና ዓርብ ነው፤ የረቡዕና የዓርብ ንጋቶቼ ደግሞ ከሁሉም የተሻሉ ናቸው። የረቡዕ ማታዬ ጭራሽ ድንቅ ነው፤ ሦስቱም ሳምንት 3 ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

ነገሩን ያየችው ባለቤቴ ናት፤ ደብተሩንም አላየችም።

ዛሬም ንጋቱ ባዶ ክብ ሆኖ፣ ረፋድ ላይ ቁርስ ስንበላ «ሐሙስና ቅዳሜ ምን እንደሚነካኝ አላውቅም» አልኳት።

«ረቡዕ ማታ ተኝተህ ታውቃለህ እንዴ?» አለችኝ። «ዓርብ ማታስ? እንደ ድስት ክዳን ስትገላበጥ ታድራለህ፤ እኔንም አታስተኛኝ።»

እኔ እንደሚመስለኝ በየቀኑ 3:30 ላይ እተኛለሁ። መብራቱን የማጠፋው 3:30 መሆኑ እውነት ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝ መቼ እንደሆነ ግን ጽፌ አላውቅም፤ ሲወስድ የሚጽፍ ሰውም የለም። ስለዚህ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፤ በግምት የሚሞላ፣ ነገር ግን ምልክት ያለው። ራዲዮው ላይ የአራት ሰዓቱን ዜና ከጎረቤት ከሰማሁ «4»፣ የሠፈሩ ውሾች ጅቡን ማጀብ ሲጀምሩ ነቅቼ ከሆነ «5»፣ ስልኬን አንሥቼ ሰዓት እስከማየት ከደረስኩ ያየሁትን። ምንም ካልሰማሁ ሰረዝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ማክሰኞ ማታ ሰረዝ። ትናንት ረቡዕ ማታ «5»፣ ከዚያም ሰዓት አየሁ፤ 5:40። ዛሬ ንጋት 1።

አሁን ረቡዕን ከሌላው ቀን የሚለየው ምን እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ነው የቀረው። በሌላው ቀን ከቤት ሳልወጣ 1:00 ላይ ቡና እጠጣለሁ፤ አቦልና ቶና፤ ማታ አልደግምም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ቢሮ ነኝ። ስለዚህ እህል የምቀምሰው 11:30 ወጥቼ ቤት ስደርስ ነው። ከእህሉ በኋላ ቡናው ይፈላል፤ ቀኑን ሙሉ የናፈቀኝ ስለሆነ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ሦስቱንም። ሰዓቱ 12:00፣ ዘግይቶም 12:30 ይሆናል።

ከቡናው ውስጥ የሚያነቃው ካፌይን በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። በእኔ ሰዓት ላስላው። ማታ 12:00 የጠጣሁት ከሌሊቱ 5:00 ላይ ግማሹ አለ። 10:00 ላይ ሩቡ አለ፤ ማንቂያዬ የሚጮኸው 10:15 ነው። እንቅልፍ ቢወስደኝ እንኳን ካፌይን ጥልቁን እንቅልፍ ስለሚያሳንሰው ተኝቼም አልጠግብም።

የረቡዕ ማታ ድንቅ መሆኑም በዚሁ ተፈታ። 1:30 ላይ ለጥናት ስቀመጥ ሦስት ስኒ ቡና ከውስጤ እያጨበጨበ ነው። ማታውን 3 አድርጎልኝ የሐሙስን ንጋት ይወስደዋል። ማለትም ብድር ነው። ደብተሬ የረቡዕን ትርፍ ረቡዕ ላይ፣ ኪሳራውን ሐሙስ ላይ ስለሚጽፈው፣ እኔ ረቡዕን ሳመሰግን ሐሙስን ስረግም ከረምኩ። ቀኑን ከራሱ ቁጥር ጋር ብቻ ሳይሆን ከማግስቱ ንጋት ጋር አጣምሬ ማንበብ ነበረብኝ። ዛሬ የንጋቱን ቁጥር ከትናንቱ መስመር ጋር የሚያገናኝ ቀስት በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ።

ይህ ሁሉ ገና ግምት ነው። ረቡዕ ማታ የሚለየው ቡናው ብቻ አይደለም፤ እህሉም ዘግይቶ ነው የሚበላው፣ ያውም ብዙ። በባዶ ሆድ ውሎ ሁለት እንጀራ በሽሮ ጠቅልሎ የተኛ ሰው ቢገላበጥ ቡናውን ብቻ መውቀስ ይከብዳል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ስለ ማቋረጫዎቹ። ይህንን ዓምድ ችላ ብዬው ነበር። መጀመሪያ ላይ «ስልክ»፣ «ሰው መጣ»፣ «ስልክ» እያልኩ ብቻ እጽፍ ነበር፤ ምንም አልነገረኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለት ለውጥ አደረግሁ። አንደኛ፣ ከውጭ የመጣውን «ው»፣ እኔው ራሴ የተነሣሁበትን «ራ» አልኩት። ሁለተኛ፣ ከፊደሉ አጠገብ በዚያች ቅጽበት የነበርኩበትን የገጽ ቁጥር ጻፍኩ።

በሁለት ሳምንት 31 ምልክት አለ። ስልክ ተደውሎ፣ ልጅ አልቅሶ፣ የቢሮ ባልደረባ በምሳ ሰዓት «አንዴ ይህችን ፈርምልኝ» ብሎ፣ በድምሩ 9። የቀሩት 22 «ራ» ናቸው። ማንም ሳይጠራኝ ስልኬን ያነሣሁ፣ ውኃ ልጠጣ የወጣሁ፣ ኩራዝ የሌለበት ቤት ውስጥ የኩራዝ ብርሃን እንደሚያስተካክል ሰው ጠረጴዛ ያስተካከልኩ። ከ22ቱ ውስጥ 14ቱ ከገጽ 72 እስከ 77 ባሉት ስድስት ገጾች ላይ ናቸው።

ገጾቹ ስለ በሂደት ላይ ያለ ምርት ናቸው። ፋብሪካው 1,000 አሃድ ጀምሮ 800ውን ጨርሷል እንበል፤ 200ው በሂደት ላይ ነው፤ ሥራው 40 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ የጉልበት ዋጋውን ስናካፍል 200ውን እንደ 80 ሙሉ አሃድ ቆጥረን በ880 እናካፍላለን። ይህ ይገባኛል። ቀጥሎ ሞጁሉ ለጥሬ ዕቃው ሲሆን በ1,000 አካፍሉ ይላል። ለምን? እዚህች «ለምን» ላይ ስደርስ ነው እጄ ወደ ስልኩ የሚሄደው። አለመግባቱን እንኳ አላወቅሁትም፤ የሚታወቀኝ «አሁን ቴሌግራም ላይ ምን ተጻፈ» የሚለው ነው።

ማታ አብሮኝ ለሚማር አንድ ጓደኛዬ ደወልኩ። «ዳቦ ቤት ሄደህ እየው» አለኝ። «ምድጃ ውስጥ ገብቶ በግማሽ የበሰለ ዳቦ፣ ዱቄቱ በግማሽ ነው እንዴ የገባው? ዱቄቱ መጀመሪያውኑ ሙሉ በሙሉ ገብቷል። በግማሽ የቀረው እሳቱና የጋጋሪው ድካም ነው።» አለቀ። ጥሬ ዕቃው መነሻው ላይ ሁሉ ስለሚገባ 200ውም እንደ ሙሉ ይቆጠራል። አሥር ደቂቃ ያልፈጀ ነገር ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከወንበሬ ሲያስነሣኝ የከረመው።

አዲስ ሕግ። «ራ» ልጽፍ እጄ ሲነሣ፣ ከመነሣቴ በፊት ያልገባኝን ነገር በጥያቄ መልክ ኅዳጉ ላይ እጽፋለሁ። ከጻፍኩ በኋላ ብነሣም ግድ የለኝም። ስልኩን ሌላ ክፍል ማስቀመጥን ሞክሬው ነበር፤ ምልክቱ ከስልክ ወደ ውኃ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል። ቅዳሜና እሑድ በሰዓት ስለማይጾም ለእኔ የሰዓቱ ጾም የሚጀምረው ሰኞ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ቀን ረቡዕ ይሆናል ማለት ነው፤ እህልም ቡናም ማታ። ግምቴን ከመፈተኔ በፊት እዚሁ ልጻፈው፣ በኋላ ሸርተት እንዳልል። የሰኞ ኅዳር 17 ንጋት መልካም ይሆናል፤ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ያሉት አምስቱ ክፉ ይሆናሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

ሰኞ 3። ማክሰኞ 1፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 1፣ ዓርብ ባዶ ክብ፣ ዛሬ 2። የማክሰኞ፣ የረቡዕና የዓርብ ንጋቶች ጥፋት ሳይኖርባቸው ተበላሹ። ቀኑ አይደለም።

ያልጠበቅሁት ሌላ ነገርም ደብተሩ ውስጥ አገኘሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በረቡዕና በዓርብ ቀትር መስመሮች አጠገብ «ራስ ምታት» የሚል ማስታወሻ ተደጋግሞ አለ። ጾሙ ነው ብዬ እርግጠኛ ስለነበርኩ ማሰብም አላስፈለገኝም ነበር። በዚህ ሳምንት አምስቱንም ቀን እኩል ጾሜአለሁ፤ ራሴን ያመመኝ ግን ሰኞ ቀትር ብቻ ነው። ጾሙ ቢሆን ኖሮ አምስቱንም ቀን ባመመኝ። ሰኞን የሚለየው የመጨረሻዋን ቡና እሑድ ጠዋት 3:00 መጠጣቴ ነው፤ እስከ ሰኞ ቀትር ሃያ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ቡናው የትናንት ማታ ስለሆነ እስከ ቀትር አሥራ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ቡና የለመደ ሰው ሲያቆም ራስ ምታቱ ብዙውን ጊዜ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ባለው ውስጥ ይጀምራል፤ በአንድ በሁለት ቀን ይበረታል። እኔ ግማሽ ቀን ጾሜ «ጾም ከበደኝ» ስል ለካ የከበደኝ ሱሱ ነው።

የዘገየው እህል ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ከሰኞ ጀምሮ እለየዋለሁ፤ እህሉ እንደነበረው ማታ ይሁን፣ ቡናው ይቅር፣ ቅዳሜና እሑድም ጭምር። ባለቤቴ ሰምታ «አሥር ቀን? በዚህ ብርድ?» አለች። ከጮቄ የመጣ ጦስኝ ቤት አለ፤ ሻይ ቅጠል ሳይገባበት እሱን ታፈላልኛለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ራሴ። ንጋት 1። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4

ራስ ምታቱ ሰኞ ቀትር ጀምሮ ማክሰኞ በረታ፤ ረቡዕ ለቀቀኝ፤ ዓርብ ጠፋ። ከኅዳር 25 እስከ ዛሬ ዘጠኝ ንጋት አለ። 3 አምስት፣ 2 ሦስት፣ 1 አንድ፤ እሱም ያ ማክሰኞ። ባዶ ክብ የለም። እህሉ እንደ ወትሮው ማታ ነው፤ ሽሮውም ያው ነው። እንቅልፍ የሚለው ዓምድ ከሐሙስ ወዲህ ሰረዝ ብቻ ነው፤ ጅቡ ከተማውን ለቅቆ የሄደ ይመስላል።

ኪሳራውንም ልጻፍ። የማታ ክፍለ ጊዜዎቼ ወርደዋል። በቡና ጊዜ የማታው 3 የተለመደ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው 2 ነው። ስለዚህ ንጋቱን በነፃ አላገኘሁትም። ሆኖም በፊት አንድ 3 እና አንድ 1 ነበር የማገኘው፤ አሁን አንድ 2 እና አንድ 3 ነው። ለእኔ የሚበልጠው ይኼኛው ነው፤ በ1 ላይ የጠፋ ሰዓት ተኝቼበት ቢሆን ይሻል ነበርና።

የቡናን ስም ማጥፋት አልፈልግም። ባለቤቴ ከእኔ ጋር እኩል ትጠጣለች፤ ጋደም እንዳለች ነው የሚወስዳት። ይህ የእኔ ደብተር ስለ እኔ የሚናገረው ነው። ዘጠኝ ንጋት ደግሞ ብዙ አይደለም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር እንጂ የወርቅ ሚዛን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 20

ሁለት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም፣ ከመስመሮቹ በቀር። አንድ ሙከራ ብቻ ነው ያደረግሁት። ንጋት ላይ ሁልጊዜ የስሌቱን ክፍል፣ ማታ ላይ የጽሑፉን ክፍል ነበር የማጠናው፤ ስለዚህ ማታው ደካማ የሚመስለው በሰዓቱ ይሁን በትምህርቱ አይታወቅም ነበር። ለአንድ ሳምንት አገላበጥኳቸው። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ይዤ የምሠራው ስሌት ማታም ብዙ አልወረደም። ማታ ላይ የሚሞተው ዝም ብሎ የሚነበበው ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ መልመጃ፣ ንጋት ንባብ ሆኗል።

የቀትሯ ክፍለ ጊዜ ግን ምንም ብታደርግ አትድንም። 35 ደቂቃ ነው የምላት፤ «ው» ሲቀነስ 20 ናት። አዲስ ነገር አላነብባትም፤ የማታውን መልመጃ መልስ አርምባታለሁ።

ብርዱ በርትቷል። ንጋት ላይ ጋቢውን ተከናንቤ፣ የግራ እጄን ደረቴ ውስጥ ወሽቄ ነው የምጽፈው። የቁጥሮቹ ቅርጽ ተበላሽቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 2

ገና አለፈ፤ ጾሙ ተፈታ፤ ቡናው ጠዋት 1:00 ላይ ተመልሷል፤ አንድ አቦል ብቻ። አራት ቀን ሙሉ ንጋቴ ደኅና ነበር፤ ትናንት ረቡዕ ማታ ቡና አልጠጣሁም፣ ቀትር ላይ ራሴን ትንሽ ነካ አድርጎኝ አለፈ።

አሁን የቀን መቁጠሪያውን አይቼ ሳቅሁ። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት 3:00 ነው። ቅዳሜ! ከዓርብ ጾም ማግስት። ባለፈው ዓመት የወደቅሁበት ፈተናም ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ከዋዜማው ማታ ምን እንደጠጣሁ የጻፍኩት ነገር የለም፤ ግን አውቃለሁ። ለፈተና ሌሊቱን ላጋምስ ብዬ እንኳን ሦስቱን ስኒ፣ ከጀበናው የቀረውንም አጥልዬ ጠጥቻለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 3

12:10። ጎረቤታችን እትዬ ጭሳቸውን አጭሰው፣ ፈንድሻቸውን በትነው ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ነገ ፈተና እንዳለኝ ሰምተዋል፤ ሊመርቁኝ ነው። እምቢ አይባልም። ሄድኩ።

አቦሉ ተቀዳ። ለባለቤቴ አሳለፍኩት። እትዬ አዩኝና «ምነው ልጄ፣ አመመህ?» አሉኝ። ስለ ካፌይን ልነግራቸው ጀመርኩና ተውኩት። «በረካዋን ነው የምጠብቀው» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ ምርቃቱ ያለው በረካ ላይ ነው። በረካዋ ስትደርስ ስኒዋን በግማሽ ጠጣሁ፤ ቀጭን ነበረች፤ ተመረቅሁ፤ 1:00 ላይ ቤት ገባሁ። የማታ ክፍለ ጊዜ የለም፤ ገጽ 74ን ብቻ አንዴ አየሁት። መብራት 3:15።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

እንቅልፍ፦ ሰረዝ። ንጋት 11:00፣ ሁለት ገጽ፣ 3። ምልክት የለም። ደብተሩን ቤት ትቼ እወጣለሁ።